አዲስ ሞተር ሳይክል፦ ሞተሩን በመጀመሪያዎቹ 1,000 ኪሎ ሜትር ማለማመድ፣ የመጀመሪያው ሰርቪስስ የግድ ነው?

አዲስ ሞተር ሳይክል የገዛ ሰው ሁለት ዓይነት ምክር ይደርሰዋል። አንደኛው “አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር እስኪሞላ ከ40 እንዳታልፍ” ይላል። ሁለተኛው “ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ ካላስጮህከው ጉልበት አያወጣም” ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው፤ ሁለቱም እንዳለ ከተወሰዱ ግን ሞተር ያበላሻሉ። ሰርቪስ ላይም እንዲሁ ነው፦ “1,000 ላይ ዘይት ካልቀየርክ ሞተሩ አለቀለት” የሚል አለ፣ “ዘይቱ ገና ንጹህ ነው፣ የሻጭ ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው” የሚልም አለ።

እዚህ የማተኩረው ከ100 እስከ 150 ሲሲ ባለው፣ በአንድ ሲሊንደር በሚሠራ፣ በአየር በሚቀዘቅዝ ባለ አራት ምት ሞተር ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚነዳው እሱን ነው፤ የመጀመሪያው ዘይት ጉዳይም በጣም የሚከብደው እሱ ላይ ነው። ምክንያቱን ወደ ታች እናየዋለን።

ውስጥ የሚካሄደው ነገር

ፒስቶኑ ላይ የሚታሰሩት ቀለበቶች፣ መካኒኮች ፋሻ የሚሏቸው፣ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ገና አልተገጣጠሙም። የሲሊንደሩ ግድግዳ ፋብሪካ ውስጥ ሆን ተብሎ እርስ በርሳቸው በሚቋረጡ ቀጫጭን መስመሮች ይጫራል። በዓይን ሲያዩት ለስላሳ ይመስላል፣ በማጉያ ሲታይ ግን እንደ ሞረድ ጥርስ አለው። የመስመሮቹ ሸለቆ ዘይት ይይዛል፣ ጫፋቸው ደግሞ ፋሻውን በጥቂቱ እየሞረደ ቅርጹን ከግድግዳው ጋር ያስማማል። በዚያው ልክ ጫፎቹ ራሳቸውም ይለዝባሉ። ጫፎቹ ከለዘቡ በኋላ ሞረዳው ያበቃል። ያኔ ፋሻው በደንብ ካልተቀመጠ ሁለተኛ ዕድል የለም ማለት ይቻላል።

ፋሻውን ግድግዳው ላይ የሚጫነው የራሱ የመለጠጥ ኃይል ብቻ አይደለም። ቤንዚኑ ሲቃጠል የሚፈጠረው ግፊት ከፋሻው ጀርባ ገብቶ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ነዳጅ መስጫውን በጥቂቱ ብቻ ከፍተው የሚነዱ ከሆነ ግፊቱ ደካማ ነው፣ ፋሻውም በላላ ሁኔታ ይንሸራተታል። ይህ ለረጅም ጊዜ ሲቀጥል ዘይቱ በመስመሮቹ ውስጥ ተቃጥሎ እንደ ቫርኒሽ ይደርቃል፣ ግድግዳው እንደ መስታወት ያንጸባርቃል፣ ፋሻውም የሚሞርደው ነገር ያጣል። “ከ40 አትለፍ” የሚለው ምክር ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው።

በተቃራኒው ገና ያልተገጣጠመ ፋሻ ከግድግዳው ጋር የሚነካካው በጥቂት ከፍ ያሉ ነጥቦች ብቻ ስለሆነ፣ እነዚያ ነጥቦች ላይ ያለው ሙቀት ከፍተኛ ነው። ከመጀመሪያው ቀን እጀታውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዘው ረጅም መንገድ ቢሄዱ የዘይቱ ሽፋን እዚያ ቦታ ላይ ይቀደዳል፤ ፒስቶኑ ወይም ግድግዳው ቁልቁል ይጫራል፤ ሲከፋም ፒስቶኑ ነክሶ ይቆማል።

ስለዚህ ሞተሩ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ አጠር ያለ ግፊት፣ ከዚያ እረፍት። ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይህንኑ በተግባር ማዋል ነው።

ከመነሳትዎ በፊት

ከሱቅ የወጣ ሁሉ ተስተካክሎ የወጣ ነው ብለው አይመኑ። መጀመሪያ የሞተር ዘይቱን ይለኩ። ሞተር ሳይክሉን ደልዳላ ቦታ ላይ ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ በጎን ማቆሚያ ላይ ዘንበል ብሎ ሲለካ ውጤቱ ስህተት ነው። ሞተሩን ለሦስት ደቂቃ ያህል ካስነሱ በኋላ አጥፍተው ሌላ ሦስት ደቂቃ ይጠብቁ። መለኪያውን አውጥተው ይጥረጉትና መልሰው ያስገቡት። ብዙ ሞተሮች ላይ መለኪያው ሳይጠመዘዝ ቀዳዳው ላይ እንዲያርፍ ብቻ ነው የሚደረገው፤ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ከመጽሐፉ ይዩ፣ ምክንያቱም ሳይጠመዘዝ የሚለካውን ጠምዝዘው ቢለኩ የጎደለው ዘይት የሞላ ይመስልዎታል። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል፣ ወደ ላይኛው ቀረብ ብሎ መታየት አለበት።

የካቴናውን መላላት፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎችን፣ የጎማውን አየር ይዩ። አዲስ ጎማ ላዩ ለስላሳ ስለሆነ ለመጀመሪያዎቹ ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትሮች መታጠፊያ ላይ ብዙ አይጋደሙ። ፍሬኑም ገና ስላልተላመደ በሙሉ ኃይሉ አይዝም፤ ከፊት ላለው መኪና ከወትሮው የበለጠ ርቀት ይስጡ።

ኪሎ ሜትሩን በምን እንከፋፍለው?

የአምራቾቹ መጻሕፍት በቁጥር ይለያያሉ። አንዳንዶቹ ለመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትር ብቻ ከኃይለኛ አነሳስ እንዲቆጠቡ ይላሉ፤ ሌሎቹ እስከ 1,000 ወይም 1,600 ድረስ በደረጃ የሚጨምር የዙር ገደብ፣ ማለትም ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንዲዞር የሚፈቅድ ወሰን፣ ያስቀምጣሉ። የእርስዎ መጽሐፍ ቁጥር ካለው እሱን ይከተሉ። ከሌለው፣ ወይም ሞተር ሳይክሉ ዙር ቆጣሪ ከሌለው፣ በምሳሌ እንሥራው።

አምስት ማርሽ ያለው 150 ሲሲ ሞተር ይዘናል እንበል። ቀዩ መስመር፣ ሞተሩ ሊያልፈው የማይገባው ጣሪያ፣ 9,000 ዙር ላይ ነው። በአምስተኛ ማርሽ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲሄድ ዙሩ 5,000 ገደማ ነው። በዚያው 5,000 ዙር አራተኛው ማርሽ ወደ 49፣ ሦስተኛው ወደ 38፣ ሁለተኛው ወደ 29፣ አንደኛው ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያስኬዳል። ከዚህ አንድ ነገር ይታያል፦ “ከ40 አትለፍ” የሚለው ገደብ ማርሹን ሳይጠቅስ ትርጉም የለውም። በሁለተኛ ማርሽ 40 የሚሄድ ሰው ሞተሩን ወደ 7,000 ዙር እያስጮኸው ነው፤ በአምስተኛ ማርሽ 40 የሚሄደው ደግሞ ዳገት ከገጠመው ሞተሩን እያስቃሰተው ነው። ስለዚህ መገደብ ያለብን ዙሩን ነው። የእርስዎ ሞተር ሳይክል ቁጥሮቹ ትንሽ ይለያሉ፤ ዙር ቆጣሪ ካለው አንድ ቀን ጸጥ ባለ መንገድ ላይ በየማርሹ ማየት ይችላሉ።

እስከ 150 ኪሎ ሜትር ድረስ ከቀዩ መስመር ግማሽ፣ ማለትም ከ4,500 ዙር አይለፉ። ሌላ ሰውም ሆነ ከባድ ጭነት አያፈናጡ። ጠዋት ሲያስነሱ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው፤ ከዚያ ለስለስ ብለው ይነሱና የቀረውን ሙቀት እየሄዱ ያግኝ። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ቆሞ ሲሠራ ነፋስ አያገኝም፤ አሥር ደቂቃ ቆሞ እንዲሞቅ መተው እንክብካቤ መስሏቸው የሚያደርጉት አሉ፣ ግን ፋሻው ያለ ግፊት ከመንሸራተት በቀር የሚያገኘው ነገር የለም። ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ ትንሽ ከሄዱ በኋላ አጥፍተው ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ያሳርፉት።

ከ150 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ያለው የሥራው ልብ ነው። ገደቡን ወደ ቀዩ መስመር ሁለት ሦስተኛ፣ ወደ 6,000 ዙር ከፍ ያድርጉት፤ ግን እዚያ ላይ አይቆዩበት። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ጭር ያለ መንገድ ይፈልጉና ይህን ይሥሩ፦ በሦስተኛ ማርሽ በ25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይጀምሩ። እጀታውን እስከ ግማሽ፣ ቢበዛ ትንሽ አለፍ አድርገው ይጠምዝዙና 45 እስኪደርስ ይግፋ። ከዚያ እጀታውን ሙሉ በሙሉ ይዝጉት፤ ፍሪሲዮን ሳይጫኑ፣ ፍሬንም ሳይነኩ ሞተሩ ራሱ እንዲጎትትዎ ትተው ወደ 25 ይመለሱ። አንድ ሁለት ደቂቃ በመደበኛ ሁኔታ ይንዱና ይድገሙት። በአንድ ጉዞ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ይበቃል።

ሲገፉ ፋሻው ከግድግዳው ጋር በኃይል ይጫናል፣ ሞረዳው ይከናወናል። እጀታውን ሲዘጉ ደግሞ ሲሊንደሩ ውስጥ ግፊቱ ዝቅ ብሎ ከታች ትንሽ ዘይት ወደ ፋሻው ይሳባል፤ ያ ዘይት ያቀዘቅዘዋል፣ ከሞረዳው የወጣውን የብረት ዱቄትም ያጥባል። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ግማሽ ይዘነጋዋል፤ እኔ ግን ከግፊቱ እኩል ዋጋ እሰጠዋለሁ። ከኋላ የሚመጣ መኪና ካለ አይሥሩት፣ እጀታ ሲዘጋ የፍሬን መብራት አይበራም።

ከ500 እስከ 1,000 ድረስ ወደ 7,000 ዙር ለአጭር ጊዜ መድረስ ይቻላል። አሁን የሚፈናጠጥ ሰውም ችግር የለውም።

በሦስቱም ደረጃ የማይለወጡ ሁለት ክልከላዎች አሉ። አንደኛው በአንድ ፍጥነት ረጅም መንገድ መሄድ ነው። ሰፊ አውራ ጎዳና ላይ በ60 ለአንድ ሰዓት ሳይለውጡ መሄድ ለአዲስ ሞተር መጥፎ ነው፤ ግድ ከሆነ በየጥቂት ደቂቃው ፍጥነቱን ወይም ማርሹን ይቀያይሩ። ሁለተኛው በከፍተኛ ማርሽና በዝቅተኛ ዙር እጀታውን ከፍቶ ሞተሩን ማስቃሰት ነው። ዳገት ላይ እጀታውን ሲጠመዝዙ ፍጥነት ሳይጨምር ንዝረቱ ብቻ ከበረታ ማርሽ ይቀንሱ። “ዙሩ እንዳይበዛ” ብለው ዳገቱን በአራተኛ የሚጨርሱ ሰዎች ሞተሩን ከሚያስጮኹት ባልተናነሰ ይጎዱታል፣ ምክንያቱም በዝቅተኛ ዙር የዘይት ፓምፑ የሚልከው ዘይት ጥቂት ነው፣ ጭነቱ ግን ሙሉ ነው።

ሲበላሽ በምን ይታወቃል?

እየሄዱ ሳለ ኃይሉ ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ ከሞተሩ ውስጥ ደረቅ የመንቃቃት ድምፅ ከመጣ፣ ወይም አንድ ነገር የያዘው ያህል ከከበደ ወዲያውኑ ፍሪሲዮኑን ይጫኑና ወደ ዳር ይውጡ። አጥፍተው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ እስኪበርድ ለማስነሳት አይሞክሩ። ከዚያ ዘይቱን ይለኩ። ዘይቱ ሙሉ ከሆነና ነገሩ ከተደገመ ከእርስዎ አነዳድ ሳይሆን ከካርቡሬተሩ ወይም ከውስጥ የመጣ ችግር ሊሆን ስለሚችል መነዳት የለበትም።

ሌላው ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። በየ200 ወይም 300 ኪሎ ሜትሩ ዘይት ይለኩ። በመጀመሪያው 1,000 ትንሽ መቀነሱ የሚጠበቅ ነው፣ ፋሻው ገና አልዘጋምና። ከ2,000 ወይም 3,000 በኋላም በዚያው ፍጥነት ከቀጠለ፣ ሲገፉ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ፣ ካንዴላው ሲፈታ ጥቁርና ዘይት የነካው ከሆነ ፋሻው ሳይቀመጥ ግድግዳው አንጸባርቋል ማለት ሊሆን ይችላል። ሞተሩን ከመፍታት በፊት ከላይ ያልኩትን የግፊትና የእረፍት ልምምድ ለጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ጠንከር አድርጎ መሞከር ያዋጣል፤ አንዳንዴ ይመለሳል። ካልተመለሰ ግድግዳውን እንደገና ማስጫርና አዲስ ፋሻ ማስገባት ነው መፍትሔው።

እሺ፣ የመጀመሪያው ሰርቪስ የግድ ነው?

ነው፤ ግን ዋናው ምክንያት ብዙ ሰው የሚያስበው አይደለም። ዘይቱ “አርጅቶ” አይደለም የሚቀየረው። አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ለዘይቱ ምንም አይደለም፤ ያው ዘይት ሁለተኛ ዙር ሲገባ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይነዳል። የሚቀየረው ቆሻሻ ተሸክሞ ስለሆነ ነው።

የአብዛኛው ሞተር ሳይክል ሞተር፣ ካምቢዮ እና ፍሪሲዮን የሚጋሩት አንድ ዘይት ነው። መኪና ላይ ካምቢዮው የራሱ ዘይት አለው። እዚህ ግን ፋሻው የሞረደው ብረት፣ አዲሶቹ ጥርሶች እርስ በርስ ሲለሳለሱ የሚረግፈው፣ ከፍሪሲዮን ሸራው የሚላጠው፣ ሲገጣጠም የተረፈው የማጣበቂያ ቁራጭ ሁሉ አንድ ሊትር ገደማ በሆነ ዘይት ውስጥ ይዞራል። ይህ ርግፋት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ መቶዎች ኪሎ ሜትሮች ከሁሉ ይበዛል፣ በኋላ በጣም ይቀንሳል።

በዚያ ላይ ብዙ ትንንሽ ሞተሮች የወረቀት ፊልትሮ የላቸውም። ያላቸው የሽቦ ወንፊት ነው፤ አንዳንዶቹ ከዚያ በተጨማሪ ቆሻሻውን በማሽከርከር ወደ ጠርዝ የሚጥል ክብ ማጣሪያ አላቸው። ወንፊቱ የሚይዘው በዓይን የሚታየውን ቁራጭ ነው። ዱቄቱ ሳይያዝ አልፎ ኩሽኔታዎቹ ዘንድ፣ የካም ሻፍቱ መቀመጫ ዘንድ፣ ዘይት ፓምፑ ውስጥ ይደርሳል። ይህን ዱቄት ከሞተሩ ማውጫው ብቸኛ መንገድ ዘይቱን ማፍሰስ ነው። በውሃ የሚቀዘቅዙና የወረቀት ፊልትሮ ያላቸው ትላልቅ ሞተሮች ላይ ፊልትሮው አብዛኛውን ስለሚይዝ አደጋው ያነሰ ነው፤ ያም ሆኖ የመጀመሪያው ፊልትሮ ከዘይቱ ጋር መጣል አለበት።

እንግዲህ ቁጥሩ ላይ መጨነቅ አያስፈልግም። 950 ላይ ወይም 1,080 ላይ ቢቀይሩ ለሞተሩ ልዩነት የለውም። ለዋስትናው ግን ሊኖረው ይችላል፤ የአገልግሎት ደብተሩ ከዚህ እስከዚህ ብሎ ወሰን ካስቀመጠ ከዚያ ውጭ ያለ ማኅተም በኋላ ለክርክር ይዳርጋል። ቀደም ብሎ መቀየር አይከለከልም፤ ሞተሩ ወንፊት ብቻ ካለው እኔ 300 ወይም 400 ላይ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ 1,000 ላይ እንደገና እንዲቀየር እመክራለሁ። አንድ ሊትር ዘይት ኩሽኔታ ከማስቀየር ይረክሳል። መደረግ የሌለበት ነገር የመጀመሪያውን ዘይት እስከ መደበኛው የመቀየሪያ ጊዜ፣ እስከ 3,000 ወይም 4,000 ድረስ ማቆየት ነው።

ዘይቱን መቀየር፣ የወጣውንም ማንበብ

ሰርቪሱን ሌላ ሰው ቢሠራልዎ እንኳ አጠገቡ ቆመው የሚወጣውን ዘይት ይዩ። ስለ ሞተሩ ሁኔታ ከሱ የተሻለ መረጃ አያገኙም።

ቆሻሻው ከዘይቱ ጋር ተንሳፍፎ እንዲወጣ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ያህል ነድተው ያሙቁት። ሞተር ሳይክሉን ቀጥ አድርገው ያቁሙ፣ ንጹህ ሰፊ ሳህን ከታች ያድርጉ፣ የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱ፣ ከዚያ የማፍሰሻውን ቡሎን ይፍቱ። አሥር ደቂቃ ይንጠብጠብ። የሽቦ ወንፊቱ በአንዳንድ ሞተሮች ከዚያው ከቡሎኑ በላይ ነው፣ በሌሎች በጎን ሽፋን ውስጥ ነው። ከወንፊቱ ጋር ሞላ ካለ ሲፈቱት ወርዶ ሳህኑ ውስጥ ይገባል፤ በየትኛው በኩል እንደነበር አስቀድመው ያስተውሉ፣ ተገልብጦ ከገባ ወንፊቱ ሥራውን አይሠራም።

አሁን ዘይቱን ፀሐይ ላይ ይዩት። እንደ ብር ቀለም የሚያብለጨልጭ ከሆነ አይደንግጡ፤ የመጀመሪያ ዘይት እንደዚህ ነው። ጣትዎን ነክረው ከአውራ ጣት ጋር ያሹት። ልስልስ ካለ ዱቄት ነው፣ የሚጠበቅ ነው። ጣት ላይ የሚቆረቁር፣ ጥፍር የሚይዘው ስንጣሪ ካለ የሚጠበቅ አይደለም። ማግኔት ሳህኑ ውስጥ ይዙሩበት፦ ግራጫ ለጥፍ ከያዘ ደህና ነው፣ መርፌ የሚመስል ቁራጭ ከያዘ ካምቢዮው ይጠረጠራል። ማግኔት የማይስበው ነጭ ስንጣሪ አሉሚኒየም ነው፤ ከፒስቶን ወይም ከሞተሩ አካል ሊመጣ ስለሚችል ፎቶ አንስተው፣ ቁራጩንም በወረቀት ጠቅልለው ለሻጩ ያሳዩ። ወንፊቱ ላይ የማጣበቂያ ጭራሮ ማግኘት የተለመደ ነው። ዘይቱ የተቃጠለ ሽታ ካለው ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነበር ማለት ነው፤ እጀታው ጫፍ ላይ ትንሽ መላላት እንዳለው ያረጋግጡ።

ወንፊቱን በቤንዚን ወይም በላምባ አጥበው ያድርቁ። የቡሎኑን ሮንዴላ በአዲስ ይተኩ። ቡሎኑን መጀመሪያ በእጅ ብቻ እስከ መጨረሻው ያስገቡት፤ ጥብቀቱ በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ነው፣ የመጽሐፉ ቁጥር ይቀድማል። የሞተሩ ታች አሉሚኒየም ስለሆነ በረጅም መፍቻ የሚታገለው ሰው ጥርሱን በልቶ ይገላገላል።

መጽሐፉ ላይ ሁለት የዘይት መጠን ይጻፋል፦ ለቅያሪ ብቻ እና ሞተር ሲፈታ። ትንሹን ይውሰዱ። ለቅያሪ 1 ሊትር የሚል ከሆነ መጀመሪያ 900 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ፣ አስነስተው አጥፍተው ይለኩ፣ ከዚያ በትንሽ በትንሹ ያሟሉ። ከላይኛው ምልክት ያለፈ ዘይት በመተንፈሻ ቱቦው ወደ አየር ማጣሪያው ሳጥን ይገፋል፣ ማጣሪያውንም ያበላሻል። ዓይነቱ ቆርቆሮው ላይ ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 የሚል ምልክት ያለው የሞተር ሳይክል ዘይት ይሁን። ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ የሚሸጥ ቀጭን የመኪና ዘይት ውስጡ የሚያንሸራትት ቅመም ስላለው፣ ዘይት ውስጥ ተነክሮ የሚሠራውን ፍሪሲዮን ሊያንሸራትተው ይችላል።

ከዘይት ቀጥሎ የሚመጣው ቫልቭ ነው

ሰርቪስ ተደረገ ተብሎ ደብተር የሚመታበት፣ ግን በጥድፊያ የሚዘለለው ሥራ የቫልቭ ክፍተትን፣ ማለትም በቫልቩ ጫፍና በሚገፋው ክፍል መካከል የሚተወውን ጠባብ ቦታ፣ መለካት ነው። አዲስ ቫልቭ መቀመጫው ላይ ሲደላደል በጥቂቱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ይህ ክፍተቱን ያጠበዋል። ክፍተቱ ጨርሶ ከጠፋ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ትኩስ ጋዝ በጠርዙ እየሾለከ ያቃጥለዋል። አሳሳቹ ነገር ጠባብ ቫልቭ ድምፅ የለውም፤ ሞተሩ “ጸጥ አለ” ተብሎ ይደነቃል። ትንሽ ቀጭ ቀጭ የሚል ይሻላል። ጧት ለማስነሳት መቸገር፣ ሲቆም ዙሩ አለመርጋት የመጥበብ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ።

የሚለካው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ በርዶ፣ ቢያንስ ሌሊቱን አድሮ ነው። እዚህ ላይ ከዘይቱ ጋር ይጋጫል፦ ዘይት ሞቆ ይፈስሳል፣ ቫልቭ በርዶ ይለካል። ጠዋት ቫልቩን አስለክተው፣ ከዚያ ትንሽ ነድተው ዘይቱን መቀየር ነው። ነድተው ሄደው በአሥር ደቂቃ ውስጥ “ቫልቭም ታይቷል” ከተባሉ አልታየም። በትንንሽ ሞተሮች ክፍተቱ በብዛት ከ0.05 እስከ 0.12 ሚሊ ሜትር ውስጥ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር ከመጽሐፉ ይወሰድ፣ የማስገቢያውና የማስወጫው ሊለያይ ይችላልና። ትላልቅ ዘመናዊ ሞተሮች ላይ ይህ ሥራ እስከ 20,000 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊቆይ ስለሚችል በመጀመሪያው ሰርቪስ ካልተጠቀሰ አይገረሙ።

በዚያው ቀን ካቴናው ይጠብቃል፣ አዲስ ካቴና ይላላልና፤ የሽቦ ቸርኬ ካለው ራጂዎቹ አንድ በአንድ ይነካኩ፤ የማርሚታውና የሞተሩ ማሰሪያ ዳዶዎች ይፈተሹ።

ካለፈስ?

ቆጣሪውን ሲያዩ 1,800 ደርሶ ከሆነ ሞተሩ ሞተ ማለት አይደለም። የዛኑ ቀን ወይም በማግስቱ ዘይቱን ይቀይሩ፣ ወንፊቱን ይጠቡ፣ የወጣውን ከላይ ባልነው መንገድ ያንብቡ። ከዚያ ቀጣዩን ቅያሪ መደበኛው ጊዜ እስኪደርስ አይጠብቁ፤ 500 ኪሎ ሜትር ላይ እንደገና ያፍስሱት። ሁለተኛው ዘይት ከመጀመሪያው በግልጽ ያነሰ ብልጭታ ካለው ርግፋቱ ቆሟል። እኩል ወይም የበለጠ ካብለጨለጨ አንድ የሚበላ ነገር አለ፣ የዋስትናው ጊዜ ሳያልፍ ይታይ።

ማለማመዱ መጠናቀቁን የሚነግርዎ ቆጣሪው ሳይሆን መለኪያው ነው። ከ1,000 እስከ 2,000 ባለው ውስጥ የዘይቱ ከፍታ ከቦታው ካልተነቃነቀ፣ ካንዴላውም ሲፈታ ደረቅና ፈዛዛ ቡና ዓይነት ከሆነ ፋሻው ተቀምጧል፤ ከዚያ በኋላ እጀታውን እስከ መጨረሻው መክፈት ይችላሉ።